ሕመምተኛው «ጠፋ» ከመባሉ በፊት

በቲቢ ክፍሎች መዝገብ ላይ አንድ ሕመምተኛ ሕክምናውን «አቋርጧል» ተብሎ የሚጻፈው ሁለት ወር በተከታታይ መድኃኒት ሳይወስድ ሲቀር ነው። ይህ የሁለት ወር ወሰን በዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ላይ የተመሠረተ ነው፤ አገራትም ሪፖርታቸውን የሚያወዳድሩት በእሱ ነው። ለሪፖርት ያገለግላል። ችግሩ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለፍለጋም ሲጠቀሙበት ነው። ሕመምተኛው ሳምንት ሲቀር ማንም አይደውልለትም፤ ወር ሲሞላው «ይመጣል» ይባላል፤ ሁለት ወር ሲያልፈው በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ውጤቱ ይጻፍና ነገሩ ያልቃል።

የሕክምናውን ስሌት ላስቀምጠው። መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ ስድስት ወር ይታከማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጥባቸው ናቸው፤ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። ወሩ በ28 ቀን ሲታሰብ በድምሩ 168 ቀን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ የበርካታ የሕክምና ሙከራዎችን መረጃ አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ከአሥር ቀን አንዱን ያህል መዝለል እንኳ ሕክምናው ያለመሳካት ዕድሉን በእጅጉ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የ168 ቀን አንድ አሥረኛ 17 ቀን ግድም ነው። እንግዲህ መዝገቡ «ጠፋ» እስኪል የሚጠበቀው ሁለት ወር፣ ሐኪሙ ሊሰጋበት ከሚገባው ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የሕክምናው ውጤት የሚነገርበት መንገድም ፍለጋውን አያግዝም። በአንድ ሩብ ዓመት ሕክምና የጀመሩ ሰዎች ውጤት ተጠቃሎ የሚታወቀው ሁሉም ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ዓመት አካባቢ ቆይቶ ነው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ዛሬ ከቀጠሮው ለቀረው ሰው ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከቀጠሮ መቅረትን ለመቀነስ የሚነሣ የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት በመጀመሪያ መለኪያውን ወደ ሳምንት ማውረድ አለበት። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማብራሪያ የተቀመጡ ናቸው።

በአንዲት የወረዳ ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ 30 የቲቢ ሕሙማን አሉት እንበል። ሁሉም በሳምንት አንድ ቀን መጥተው የሳምንት መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ በየሳምንቱ 30 ቀጠሮ አለ። ቡድኑ የክፍሉ ነርስ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና ሕክምናውን የጨረሰ አንድ ሰው ናቸው። የመጨረሻውን ሰው ማካተት ለይስሙላ አይደለም። ከበር እስከ መድኃኒቱ ያለውን መንገድ በእግሩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ቡድኑ ከሁሉ በፊት «ቀረ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ይስማማል፤ በቀጠሮው ቀንም በማግስቱም ካልመጣ ቀርቷል። የሕመምተኛው ቤተሰብ መጥቶ መድኃኒቱን ከወሰደ በካርዱ ላይ የተለየ ምልክት ይደረጋል። መድኃኒቱ ደርሷል፤ ሕመምተኛው ግን አልታየም። ክብደቱ አልተለካም፣ ዓይኑ ቢጫ መሆኑን ያየ የለም፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ መስጠት ያለበት አክታም ሊቀር ይችላል። ይህ ልዩነት ካልተያዘ ቁጥሩ ሲያምር ክትትሉ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ ቡድኑ ምንም ነገር ሳይቀይር ያለፉትን ስምንት ሳምንታት ከካርዶቹ ይቆጥራል። የቀሩት በየሳምንቱ 6፣ 5፣ 4፣ 7፣ 5፣ 6፣ 5 እና 5 ሆነው ተገኙ እንበል። ከ240 ቀጠሮ 43 መሆኑ ነው፤ ወደ 18 በመቶ። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከለኛው 5 ነው። የፕሮጀክቱ ግብም በዚሁ ልክ ይጻፋል፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ30 ቀጠሮ የሚቀረውን ከ5 ወደ 2 ማውረድ። «ክትትልን ማጠናከር» የሚል ግብ ግን መድረሱም አለመድረሱም ስለማይታወቅ ከዕቅድ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ሕሙማኑ ለምን እንደቀሩ ይጠየቃል። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ በስብሰባ አዳራሽ ይገመትና «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይጻፋል፣ መፍትሔውም ትምህርት መስጠት ይሆናል። ሰዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ሌላ ነገር ይወጣል። በምሳሌያችን ከ43ቱ 14ቱ ቀጠሯቸው ከገበያ ቀን ወይም ከቀን ሥራ ጋር ተጋጨባቸው። 11ዱ መጥተው ነበር፤ ነርሷ ስልጠና ሄዳ ክፍሉ ተቆልፎ ወይም ካርድ ክፍል ወረፋው ረዝሞባቸው ተመለሱ። 7ቱ ለሥራ፣ ለለቅሶ ወይም ለጸበል ከአካባቢው ርቀው ነበር። 6ቱ ተሽሏቸው ወይም መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አቅለሽልሿቸው ተዉት። 5ቱን ማግኘት አልተቻለም፤ ስልኩ አይሠራም ወይም የጎረቤት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ብቻቸውን 25 ናቸው፤ ከግማሽ በላይ። ሁለቱም የሕመምተኛው ግድየለሽነት አይደሉም። ቀጠሮውን የሰጠውም በሩን የቆለፈውም ጤና ጣቢያው ነው። የቲቢ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል ሲባል የምንሰማው እውነት ነው፤ የቀን ሠራተኛው ግን በየሳምንቱ የግማሽ ቀን ደመወዙን ይከፍልበታል።

የሚሞከረው ለውጥ ከዚህ ይወለዳል። ጥራት ማሻሻል የሚሠራበት ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጥናት፣ መተግበር የሚባለው ዑደት ዋና ጥቅሙ ሙከራው ትንሽ እንዲሆን ማስገደዱ ነው። ቡድኑ ለ30ውም ሰው አዲስ አሠራር አያውጅም። በቀን ሥራ የሚተዳደሩ አምስት ሰዎችን ይመርጣል፤ ቀኑን ራሳቸው እንዲመርጡ ይጠይቃቸዋል፤ ነርሷም በሁለት ሰዓት ተኩል ፈንታ ጠዋት በአንድ ሰዓት ትገባለች። ለአንድ ሳምንት ብቻ።

ከአምስቱ ሦስቱ መጡ እንበል። ሁለቱ ለምን ቀሩ? አንደኛዋ በሰዓቱ ደርሳ ነበር፤ ጥበቃው «ካርድ ክፍል አልተከፈተም» ብሎ መለሳት። እንዲህ ያለው ነገር በሰላሳ ሰው ላይ ቢደርስ ፕሮጀክቱ በአንድ ሳምንት ስሙ ይጠፋ ነበር፤ በአምስት ሰው ላይ ሲደርስ ግን ትምህርት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የቲቢ ሕሙማን ካርድ ከካርድ ክፍል ወጥቶ በቲቢ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለጥበቃው ይነገረዋል፣ ሙከራውም ወደ አሥር ሰው ያድጋል። ነርሷ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማ የምትገባ ከሆነ ያን ያህል ቀድማ እንድትወጣ በጽሑፍ ካልተፈቀደላት አሠራሩ ከወር አያልፍም። ስለዚህ ቡድኑ የሕሙማኑን መቅረት ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹን ድካምና የሌሎች ታካሚዎችን ወረፋም አብሮ ይከታተላል።

ሁለተኛው ለውጥ አንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ለሥራ ቀናቱ አምስት ክፍል አለው። የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ካርድ በሚቀጥለው ቀጠሮው ቀን ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ሲመጣ ካርዱ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቀኑ ሲያልቅም ወደሚቀጥለው ቀጠሮው ክፍል ይመለሳል። ከሥራ መውጫ በፊት በዕለቱ ክፍል ውስጥ የቀረው ካርድ ያን ቀን ያልመጣው ሰው ነው። መዝገብ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ሳጥኑ ራሱ ይናገራል። በማግስቱ ማለዳም ካልመጣ ይደወላል። ስልኩ እንዲሠራ ደግሞ ሕክምናው የተጀመረ ዕለት ነርሷ ሰውየው ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ትደውልለታለች። ካልጠራ እዚያው ይታረማል፤ የሁለተኛ ሰው ቁጥር፣ ቀበሌ፣ ጎጥና የታወቀ ምልክትም ይጻፋል።

ደዋዩ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ከሁሉም በላይ ይወስናል ባይ ነኝ። «ለምን ቀሩ?» የተባለ ሰው ሰበብ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ስልኩን አያነሳም። «ጋሼ፣ ትናንት ጠብቄዎት ነበር፤ ደህና ነዎት ወይ?» የተባለ ግን ማቅለሽለሹን፣ የልጁን መታመም፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣቱን ይናገራል። ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳ ደግሞ የበሽታው ስም አይነሳም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት የምትሄደውም ስልክ ሳይሠራ ሲቀር ብቻና ሕመምተኛው በመጀመሪያው ቀን ከፈቀደ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ሰፈር ደንብ ልብስ ለብሳ በር ማንኳኳቷ ሰውየውን ቤቱን ሊያስለቅቀው ይችላል፤ መገለሉ ዛሬም አልጠፋም።

ለውጡ መሥራቱ በምን ይታወቃል? በየሳምንቱ የቀሩት ቁጥር በግድግዳ ግራፍ ላይ ነጥብ ሆኖ ይሰፍራል፤ የቀድሞው መካከለኛ 5 በአግድም ይሰመራል። አንድ ሳምንት 2 ቢሆን ደስታ አያስፈልግም፤ የበዓል ሰሞን ይሆናል። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ከመሥመሩ በታች ሲውሉ ግን በአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። መሥመሩ ላይ የዋለ ነጥብ አይቆጠርም።

ግራፉ ሊዋሽም ይችላል። ሠራተኛ በቁጥር ሲገመገም ካርዱ በዓርብ ማታ አንድ ላይ ሊሞላ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የሳምንቱ ፊርማ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ፍጥነት የተጻፈ ይመስላል፣ የክብደት ዓምዱም ከሳምንት ሳምንት አይለወጥም። ስለዚህ በየወሩ አምስት ካርድ በዕጣ ይወጣና ከመድኃኒት መጋዘን ወጪ ጋር ይመሳከራል። የወጣው መድኃኒት ከካርዱ ካነሰ ግራፉ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ነው።

እነዚህ ለውጦች የማይደርሱባቸው ሰባቱ፣ ርቀው የሄዱት፣ ይቀራሉ። በሰሜን ምዕራብ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ሰው በጠዋት ክፍል በመክፈት አይገኝም። ለእሱ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ቀን «በእነዚህ ስድስት ወራት ውስጥ ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንደሚሄድ ከታወቀ የማስተላለፊያ ወረቀትና እስኪደርስ የሚበቃው መድኃኒት ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ወደ ጸበል ለሚሄድም እንዲሁ፣ ጸበሉ ካለበት አቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ጋር። ዛሬ የብዙ ጣቢያዎች ልማድ ወረቀቱን ሰጥቶ በመዝገቡ ላይ «ተዛውሯል» ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ ሰውየውን ከላኪው መዝገብ ያወጣዋል፣ በተቀባዩ ግን ገና አላስገባውም። በዕቅዱ ላይ ኃላፊነቱ ግልጽ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ተቀባዩ ጣቢያ «ደርሶናል፣ መድኃኒቱን ጀምሯል» ብሎ በስልክ እስኪያረጋግጥ ድረስ ካርዱ ከላኪው ጣቢያ ሳጥን አይወጣም፤ ነርሷም ቀጠሮው ባለፈ በማግስቱ ትደውላለች።