የረቡዕ ሽያጭ የት ገባ?

ሦስት ቅርንጫፎች ያሉት አንድ ሚኒ ማርኬት እንውሰድ። ማታ ማታ የየቅርንጫፉ ካሸር የዕለቱን ሽያጭ በስልኩ ቅጽ ሞልቶ ይልካል፤ የተላከው ሁሉ አንድ የኤክሴል ሺት ላይ ይጠራቀማል። እሑድ ሌሊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሺቱን ከፍቶ የየቅርንጫፉን የቀን አማካይ ሽያጭ ያሰላና ለባለቤቱ በቴሌግራም ይልካል። ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ቡናውን እየጠጣ ያነበዋል። በመሀል ማንም እጁን አያስገባም። በእጁ የሚደምር ሂሳብ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይደውል ነበር። ፕሮግራሙ አይጠይቅም፤ ያገኘውን ደምሮ፣ በቆጠረው አካፍሎ ይልካል።

የዓለም ገናው ቅርንጫፍ የአንድ ሳምንት መዝገብ እንዲህ ነው እንበል። ሰኞ 12,000 ብር፣ ማክሰኞ 15,000፣ ረቡዕ ባዶ፣ ሐሙስ 18,000፣ ዓርብ 30,000፣ ዓርብ እንደገና 30,000፣ ቅዳሜ 15,000። እሑድ ዝግ ነው። ዓርብ ሁለቴ የገባው ካሸሩ «ላክ» የሚለውን ሲነካ ኔትወርክ ስለተቆራረጠበት ነው። አልሄደም ብሎ ደገመው፤ ሁለቱም ሄደዋል። ረቡዕ ግን ቀኑና የቅርንጫፉ ስም ገብቶ የገንዘቡ ቦታ ሳይሞላ ቀርቷል።

ከዚህች አጭር መዝገብ አራት የተለያዩ አማካዮች ይወጣሉ። ሺቱን እንዳለ ለኤክሴሉ `AVERAGE` ብንሰጠው ባዶውን ሴል ዘሎ፣ ሁለቱንም ዓርቦች ቆጥሮ፣ 120,000ን ለ6 ያካፍልና 20,000 ይላል። ባዶውን በዜሮ ሞልተን ብንሰጠው 120,000 ለ7 ይካፈልና ወደ 17,143 ይወርዳል። የተደገመውን ዓርብ አውጥተን ባዶውን እንዳለ ብንተወው 90,000 ለ5፣ ማለትም 18,000 ነው። ድግግሞሹን አውጥተን ረቡዕን ዜሮ ካደረግነው ደግሞ 15,000። በ20,000 እና በ15,000 መካከል ያለው ልዩነት አንድን ቅርንጫፍ ሊያስፋፋም ሊያዘጋም የሚችል ነው። እንዲያም ሆኖ ማሽኑ አንዴም የስህተት መልእክት አላሳየም።

ከአራቱ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ 17,143 ነው። የተደገመው ዓርብ ቁጥሩን ወደ ላይ ገፋው፣ ዜሮ የተደረገው ረቡዕ ወደ ታች ጎተተው፣ ውጤቱ ከ18,000 ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ባለቤቱ አይቶ «ልክ ይመስላል» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ቀን ሳይኖር ድግግሞሽ ብቻ ቢመጣ ግን አማካዩ በድንገት ይዘላል፤ ያኔ ሁሉም ሰው የሽያጭ ዕድገት ምክንያት ፍለጋ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ድግግሞሹ ነው፤ ባዶው ከዚያ በኋላ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ለወግ የመጣ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ባዶውን በሌሎቹ ቀናት አማካይ መሙላት ይወዳል። ይህን ከድግግሞሹ በፊት ካደረገው የረቡዕ ቦታ ላይ የሚገባው ሁለት ዓርብ ያበጠው 20,000 ነው። ቆይቶ ድግግሞሹ ቢወጣም ያ 20,000 ረቡዕ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ድግግሞሽን ማውጣት ቀላል ይመስላል። ኤክሴል ራሱ `Remove Duplicates` የሚል ቁልፍ አለው። ቁልፉን ከመጫን በፊት ግን ሁለት ረድፎች «አንድ ናቸው» የሚባለው በምን እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። በቀን ማጠቃለያ ሺት ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አንድ ረድፍ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ሺቱ እያንዳንዱን ሽያጭ የሚመዘግብ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ያንኑ ውሃ በዚያው ዋጋ ቢገዙ ረድፎቹ ፍጹም ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ግን እውነተኛ ሽያጭ ናቸው። እዚያ ላይ የሚለየው የደረሰኙ ቁጥር፣ በካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ላይ `FS No.` ተብሎ የሚታተመው ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ስለሚቆጥር የማሽኑ መለያ አብሮት መግባት አለበት። ይህን ሳያዩ የሚመሳሰለውን ሁሉ የሚያጠፋ ሰው እውነተኛ ገቢ ያጠፋል፤ የሚያጠፋውም በብዛት የሚሸጠውን ርካሽ ዕቃ ነው።

ከዚህ የተገላቢጦሹ ችግር ደግሞ አንድ የሆኑት ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ነው፤ ይህ እኛ ዘንድ በደንብ ይታወቃል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ካሸሩ «ዓለም ገና» ብሎ ጻፈ፣ ሲደግመው «አለም ገና» አለ፤ ቅዳሜ የተካው ልጅ «ዓለምገና» ብሎ አገናኘው። ለአንባቢ አንድ ቦታ ነው፤ ለፕሮግራሙ ሦስት ቅርንጫፍ ነው። ድግግሞሹም አይያዝም፣ ሪፖርቱም ላይ ማንም ያልከፈታቸው ሁለት ቅርንጫፎች ይወለዳሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መስከረም 16 ብሎ በኛ አቆጣጠር ሲጽፍ ሌላው ያንኑ ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ብሎ ይልካል። መፍትሔው ካሸሮችን ፊደል ማስተማር አይደለም። ቅጹ ላይ ቅርንጫፉ ከዝርዝር የሚመረጥ ኮድ ይሁን፤ ቀኑንም ስልኩ ራሱ ይሙላው።

ሁለቱ ዓርቦች አንድ ዓይነት ገንዘብ ባይይዙስ? የመጀመሪያው 30,000፣ ሁለተኛው 28,500 ቢሆን ሁለተኛው እርማት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መጀመሪያ ገንዘቡ ባዶ ሆኖ የሄደ፣ ካሸሩ አስታውሶ ኋላ የሞላው ረድፍ ይኖራል። በፓይተን ፓንዳስ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ `drop_duplicates` ሌላ ካልተነገረው የሚያስቀረው መጀመሪያ ያገኘውን ነው። ባዶው ቀድሞ ከመጣ ባዶው ይቀርና የተሞላው ይጣላል። ስለዚህ ረድፎቹን በተላኩበት ሰዓት ደርድሮ የመጨረሻውን ማስቀረት ይሻላል።

```python
df["amount"] = pd.to_numeric(df["amount"], errors="coerce")
df = df.sort_values("sent_at")
df = df.drop_duplicates(["branch", "date"], keep="last")
r = df.groupby("branch")["amount"].agg(["mean", "count", "size"])
```

የመጀመሪያው መስመር ቁጥር ያልሆነውን ወደ ባዶ ይቀይራል። ይጠቅማል፤ ግን «15000 ብር» ተብሎ የተጻፈውን፣ በኮማ የተለየውን «15,000» ጭምር ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ከዚህ መስመር በፊትና በኋላ ባዶዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከጨመረ ባዶውን የፈጠርነው እኛው ነን። በመጨረሻው መስመር ላይ `mean` አማካዩ ነው፤ `count` ገንዘብ የተሞላባቸውን፣ `size` ደግሞ ያሉትን ረድፎች ሁሉ ይቆጥራል። ለዓለም ገና 18,000፣ 5 እና 6 ይወጣል። ሁለቱ ቆጠራዎች ከተለያዩ ባዶ አለ ማለት ነው። ረቡዕ ጭራሽ ረድፍ ባይኖረው ኖሮ ግን ሁለቱም 5 ይሉና ምንም የጎደለ አይመስልም። ለዚህ ሲባል ፕሮግራሙ የሥራ ቀናት ዝርዝር በራሱ ይዞ፣ የመጣውን ከዚያ ጋር ማስተያየት አለበት።

አሁን ወደ ባዶው እንመለስ። ዜሮ መሙላት ትክክል የሚሆነው ሱቁ ተከፍቶ ምንም ሳይሸጥ ሲቀር ብቻ ነው፤ ለሚኒ ማርኬት ይህ ብዙም አይገጥምም። ሱቁ ተዘግቶ ከነበረ ቀኑ ከስሌቱ ይወጣል። ተከፍቶ ሸጦ ሳይላክ ከቀረ ደግሞ ቁጥሩ አለ፣ እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ። ቅጹ «ዝግ ነበር» የሚል ምርጫ ከሌለው እነዚህ ሦስቱ ሺቱ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ፎርሙላ አይለያቸውም።

ባዶን መዝለል ኤክሴልም፣ ፓንዳስም፣ የዳታቤዝ `AVG`ም ሳይነገራቸው የሚያደርጉት ነው፤ ንጹህ ዘዴም ይመስላል። ነገር ግን ስንዘልለው የጎደለው ቀን እንደሌሎቹ ቀናት ነበር ብለን እየገመትን ነው። ቀን የሚጎድለው ግን በዕጣ አይደለም። የዓለም ገናው ካሸር ረቡዕን ያልሞላው ወረፋው እስከ ምሽት ስላልተቋረጠ ደክሞት ሄዶ ቢሆንስ? ማሽኑ ማታ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት ተፈልጎ ሲታይ 24,000 ይላል እንበል። ድምሩ 114,000 ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 19,000። «ትክክለኛ» ያልነው 18,000 ቅርንጫፉን በቀን በ1,000 ብር አሳንሶት ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ጉርሻ በአማካዩ የሚወሰን ከሆነ፣ ሽያጭ የቀዘቀዘበትን ቀን «ረስቶ» ያልላከ ኃላፊ ይጠቀማል። ሰኞ 12,000 ባይላክ የዓለም ገና 90,000 ወደ 78,000 ይወርዳል፤ ለ4 ሲካፈል ግን አማካዩ 19,500 ይወጣል። አንድ ቀን በመደበቅ 1,500 ብር የተሻለ ቅርንጫፍ። ጉርሻ ባለበት ቦታ እኔ ብሆን ያልተላከን ቀን ዜድ ሪፖርቱ እስኪመጣ ድረስ አማካዩን አልከፍልበትም።

በተግባር ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «18,000 ብር፣ ከ6 ቀን 5ቱ» ነው እንጂ 18,000 ብቻ አይደለም። ከስድስት አንድ ቀን ሲጎድል እንዲህ ተብሎ ይላካል፤ ሦስት ከጎደለ አማካዩ ተይዞ በምትኩ የቅርንጫፉ ስምና የጎደሉት ቀናት ለተቆጣጣሪው ቅዳሜ ማታ ይድረሱት፤ እሑድ ሌሊት ሳይሆን፣ ካሸሩን በስልክ ማግኘት በሚቻልበት ሰዓት። የወጡት ድግግሞሾችም ተሰርዘው አይጥፉ፤ በሌላ ሺት ይቀመጡ። በየሳምንቱ የሚደገመው የአንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከዳታው ሳይሆን ከዚያ ሰፈር ኔትወርክ ወይም ከአንድ ስልክ ነው። ዘግይቶ የሚመጣውም እንዲሁ ቦታ ይፈልጋል፤ የረቡዕ 24,000 ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ማክሰኞ ከተገኘ፣ የሚቀጥለው እሑድ ፕሮግራሙ ያለፈውንም ሳምንት ደግሞ ያስላና «የዓለም ገና ያለፈው ሳምንት ከ18,000 ወደ 19,000 ታርሟል» የሚል መስመር ከላይ ያስቀምጥ።