ከግራፉ ግርጌ ያለችው ማስታወሻ

በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ሟቾችን በዳሽቦርድ የሚከታተል ሰው፣ የቻይና መስመር በአንድ ቀን ሽቅብ ሲወጣ አይቷል። ቫይረሱ ግን በዚያ ቀን አላገረሸም። የውሃን ከተማ ቀደም ብሎ የሞቱ 1,290 ሰዎችን መዝገቡ ላይ ጨምሮ ድምሩን ከ2,579 ወደ 3,869 አስተካክሎ ነበር። በቤታቸው የሞቱና ሆስፒታሎች ዘግይተው ያሳወቋቸው ሰዎች ቀድሞ አልተቆጠሩም ነበር።

ዳሽቦርዱ ድምሩን እንጂ የሞቱበትን ቀን ስለማያገኝ፣ ልዩነቱን ሁሉ ማስተካከያው በደረሰበት ቀን ላይ ይጭነዋል። ያንን ሐሰተኛ ጫፍ የሚያስረዳው ከግራፉ ሥር የሚቀመጥ አጭር ማስታወሻ ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ሚያዝያ 17 ቀን የውሃን አስተዳደር ያለፉትን ወራት ሟቾች ቁጥር ከ2,579 ወደ 3,869 አርሟል፤ ጭማሪው የዕለቱ ሞት አይደለም።»

«መረጃው ታድሷል» ብቻ የሚል ማስታወሻ ግን ለእኔ ከዝምታ አይሻልም። ማን እንዳረመው፣ የቀድሞው ቁጥር ስንት እንደነበርና እርማቱ የየትኛውን ጊዜ እንደሚመለከት አይናገርም። በግራፍ ላይ ድንገተኛ ጫፍ ሲያዩ፣ ከመደንገጥዎ በፊት ግርጌውን ያንብቡ።