በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሰነድ ሲደርስ ባለጉዳዩ በሕጋዊ መንገድ ሊያደርግ የሚችለው

በባሮ ወንዝ ዳርቻ ዓሣ በማስገር የሚተዳደር አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአብነት ይወሰድ። ማኅበሩ ለጀልባ ሞተር መግዣ ብድር ጠይቋል፤ አበዳሪው ተቋምም የዓመቱ የኦዲት ሪፖርት እስከ ዓርብ እንዲቀርብለት አሳስቧል። ሪፖርቱ በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በፒዲኤፍ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ግን ፋይሉን ሲነኩት ይዘቱ ከመታየቱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ፋይሉን የቆለፈው የቀድሞው ጸሐፊ ሥራ ለቆ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ሪፖርቱ የማኅበሩ ሆኖ ሳለ ማኅበሩ ሊያነበው አልቻለም።

በቅድሚያ ሰነዱን የዘጋው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መፍትሔው የተለያየ ነውና። አንድም ገጽ ሳይታይ የይለፍ ቃል የሚጠየቅ ከሆነ ይዘቱ ራሱ በምስጠራ ተለውጧል ማለት ነው። ሰነዱ ተከፍቶ እየተነበበ ማተም ወይም ማረም ብቻ የሚከለክል ከሆነ ግን የተቆለፈው አጠቃቀሙ እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው ችግር አይፈጥርም። በማያያዣ የተላከ ሰነድ ሲነካ Request access የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ከይለፍ ቃል ጋር ግንኙነት የለውም። ባለሰነዱ ለዚያ የኢሜይል አድራሻ ፈቃድ አልሰጠም፣ ወይም ባለጉዳዩ በሌላ አድራሻ ገብቷል። ፋይሉ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ «ሊከፈት አልቻለም» የሚል መልእክት ከሰጠ ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ ሲቆራረጥ በከፊል ብቻ የወረደ ነው። መጠኑን ላኪው ዘንድ ካለው ፋይል መጠን ጋር ማስተያየት ይህን ያረጋግጣል፤ እንደገና ማስላክም ይበቃል።

የማኅበሩ ሰነድ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት መቆለፊያ የይለፍ ቃሉ በር ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልፍ አይደለም። ጽሑፉ ከይለፍ ቃሉ በሚመነጭ ቁልፍ ተለውጦ የሚቀመጥ ስለሆነ ያለ እርሱ በፋይሉ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም። ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያም ቢሆን መጠባበቂያ ቁልፍ በእጁ አይዝም። ማይክሮሶፍት ለዎርድና ለኤክሴል ተጠቃሚዎች የጠፋ የይለፍ ቃል ሊመልስ እንደማይችል በግልጽ ያስታውቃል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው፦ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውን ሰው ማግኘት፣ ወይም ያልተቆለፈውን ዋና ቅጂ የያዘውን ማግኘት።

ቆላፊው በሚገኝበት ጊዜ የይለፍ ቃሉን በስልክ መጠየቅ፣ ፋይሉ በተለጠፈበት ቡድን ውስጥ ግን እንዳይጻፍ ማድረግ ይገባል። በስልክ የተነገረ የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአጻጻፍ ነው። ጸሐፊው «ጋምቤላ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት» ቢል እንኳ ብዙ ነገር አልተነገረም። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል Gambela እና Gambella ተብሎ በሁለቱም መንገድ ይጻፋል። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016 ይሁን በጎርጎርዮሳዊው 2024 መጠየቅ አለበት። የስልክ የጽሕፈት ገበታ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ደግሞ ለይለፍ ቃል የተለያዩ ናቸው። ገበታው በአማርኛ ላይ ከሆነም በነጥብ በተሸፈነው ሣጥን ውስጥ የግዕዝ ፊደል እየገባ መሆኑ አይታይም። ቃሉን በማስታወሻ ላይ ጽፎ በዓይን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ወደ ሣጥኑ መገልበጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ በመጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ አብሮ እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ብቻ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ቃል በስልክ ካልሠራ በሌላ መሣሪያ ላይ መሞከር ተገቢ ነው። ያረጁ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች አዲሱን የምስጠራ ዓይነት አይረዱም።

ቆላፊው ካልተገኘ ወይም የይለፍ ቃሉን ከረሳ ጥያቄው «ሰነዱን ማን አዘጋጀው?» ወደሚል ይዞራል። የኦዲት ሪፖርትን ያዘጋጀው ኦዲተሩ ነው፤ ጸሐፊው የቆለፈው የደረሰውን ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ሒሳቡን ለመረመረው አካል በሊቀመንበሩ ፊርማና በማኅተም ደብዳቤ ጽፎ የተረጋገጠ ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል። በደብዳቤው ላይ የሪፖርቱ የበጀት ዓመት፣ የተፈረመበት ቀንና ቅጂው ያስፈለገበት ምክንያት መገለጽ አለበት። የደብዳቤውን ግልባጭ በዚያው ቀን ለአበዳሪው መስጠትና አጭር የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ዘንግተው ቀኑ ካለፈ በኋላ ምክንያት ያቀርባሉ፤ ያን ጊዜ ደብዳቤው ብዙም አይረዳም።

የተቆለፈው ሰነድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ባለጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃውን የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ ምላሽም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ሰነዱ ስለ ጠያቂው የሚናገር የግል መረጃ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጠየቀው መረጃው ነው፤ የይለፍ ቃሉ አይደለም። የታተመ ቅጂ ከተሰጠ ጥያቄው ተመልሷል።

ባለሰነዱ ሳይፈቅድ መቆለፊያውን ለመስበር መሞከር ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ የኮምፒዩተር ሥርዓትን ወይም ዳታን ሆን ብሎ ማግኘትን ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ሰነዱ በቡድን ውስጥ መለጠፉ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ የላከው ሰው ለተወሰኑ አባላት ብቻ እንዲነበብ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። የራሱን ፋይል ራሱ ቆልፎ የረሳ ሰው የሚያስታውሳቸውን ቃላት ቢሞክር በሌላ ሰው መብት ላይ አይደርስም። ይሁንና እርሱም ቢሆን «የተቆለፈ ፒዲኤፍ በነፃ እንከፍታለን» ወደሚሉ ድረ ገጾች ፋይሉን ከመጫን መቆጠብ ይኖርበታል። የተጫነው ፋይል ቅጂ በማያውቀው ሰው እጅ ይቀራል፤ የኦዲት ሪፖርት ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የአባላት ስም የሚይዝ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ የመስበሪያ ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ ቫይረስ አብረው ያስገባሉ።

ወደ ማኅበሩ ስንመለስ፣ ጸሐፊው ረቡዕ በስልክ ተገኝቶ የይለፍ ቃሉን ተናገረ እንበል። ሊቀመንበሩ Gambela2016 ብለው ጻፉ፤ አልከፈተም። ጸሐፊው በሁለት l እንደጻፈው ሲያስታውስ Gambella2016 ሠራ። ሪፖርቱ የማኅበሩ ስለሆነና ኮሚቴው ስለተስማማ ያልተቆለፈ ቅጂ ማዘጋጀት ይችላሉ። ፋይሉ ኮምፒዩተር ላይ በክሮም ተከፍቶ Print ከተባለ በኋላ Save as PDF ሲመረጥ አዲሱ ፋይል ያለ ይለፍ ቃል ይቀመጣል፤ ይህ የሚሠራው ሰነዱ ማተምን ካልከለከለ ነው። ፊርማና ማኅተሙ በአዲሱ ቅጂ ላይ በግልጽ መነበባቸው ከታየ በኋላ ለአበዳሪው ይላካል። ዋናው የይለፍ ቃል ደግሞ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ከማኅበሩ የገንዘብ ሣጥን ጋር ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ጸሐፊ ሲሾምም በርክክብ ሰነዱ ላይ ይመዘገባል።