«መከለያ ይሠራለት»፦ ለፋብሪካ ባለቤት የሚጻፍ ደብዳቤ

በብዙ ፋብሪካዎች የደህንነት ባለሙያው ለባለቤቱ የሚጽፈው ደብዳቤ «በማሽኖች አካባቢ አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳስባለሁ» ብሎ ያልቃል። ባለቤቱ አንብቦ ይስማማል፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም እንደተገለጠ መዞሩን ይቀጥላል። የትኛው ማሽን፣ የቱ ጋ፣ በምን ይሸፈን፣ ማን ይሥራው የሚለው ስላልተጻፈ ባለቤቱ የሚያዘው ነገር የለውም።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ከመተላለፊያው አጠገብ ነው፤ ቺንጋውና ሁለቱ ፑሌጃዎች ምንም ሽፋን የላቸውም። ደብዳቤው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፦ «ጉዳዩ፦ በ2ኛው ወፍጮ ቺንጋ ላይ መከለያ እንዲሠራ ስለመጠየቅ»። ቀጥሎ አደጋው ያለበትን ቦታ ለይቶ ይጠቁማል። ቺንጋ እጅን ስቦ የሚያስገባው ፑሌጃው ላይ በሚጠመጠምበት በኩል ነው። እዚያ የነጠላ ጫፍ፣ የሹራብ እጅጌ ወይም የእጅ ጓንት ከነካ ክንዱም ተከትሎ ይገባል። ለዚህ ነው ከሚዞር ነገር አጠገብ ጓንት ማድረግ ራሱ አደጋ የሚሆነው።

«ሠራተኛው ቢጠነቀቅ ይበቃል» ለሚል ባለቤት ጥሩው መልስ ስሌት ነው። የሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ ቢዞር፣ ቺንጋው በሰከንድ ወደ 11 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለመሰብሰብ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ቺንጋው ሦስት ሜትር ሊሞላ የቀረው መንገድ ሄዷል። ስለዚህ እጅ መጀመሪያውኑ እንዳይደርስ መከልከል እንጂ ከነካ በኋላ ፈጥኖ መመለስ አይታሰብም።

ከዚያ ደብዳቤው መከለያው ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራል። ክፈፉ ከአንጎላሬ፣ ፊቱ ከሽቦ መረብ ሊሠራ ይችላል። መረቡ ሞተሩን አየር አይነሳውም፤ ቺንጋው ሲላላም ከውጭ ለማየት ያስችላል። ነገር ግን የመረቡ ቀዳዳና ከቺንጋው ያለው ርቀት አብረው መወሰን አለባቸው፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጣት ጠልቆ ይገባልና። በዓለም አቀፉ የማሽን ደህንነት መስፈርት መሠረት የመረቡ አራት ማዕዘን ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ መከለያው ከቺንጋው ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር። ቀዳዳው ከ40 ሚሊ ሜትር ካለፈ ክንድ ስለሚያስገባ የሚፈለገው ርቀት ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ያሻቅባል። በጠባቡ መተላለፊያ ይህን ያህል ቦታ ስለማይገኝ ባለሙያው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ይመርጣል። ከጀርባም እጅ እንዳይገባ መከለያው ፑሌጃዎቹን ዙሪያቸውን መያዝ አለበት።

ቀኑና ኃላፊውም በስም ይጻፋሉ፦ የፋብሪካው ብረት ሠሪ ይለካል፣ የጥገና ክፍሉ ይገጥማል፣ ባለሙያው ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያያል። መከለያው እስኪደርስ ወፍጮው ይቁም፤ በጥገናና በገጠማ ጊዜም ብሬከሩ ወርዶ በቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፉም እየሠራ ባለው ሰው ኪስ ይሁን።

የደብዳቤው የሕግ መሠረት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉን ከማብዛት ይልቅ ባለቤቱ የሚያነሳውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይጠቅማል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ «መከለያው ሥራ ያጓትታል» የሚል ነው።

ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግራሶ የሚገባበት ቦታ መከለያው ውስጥ ከተዘጋ፣ ጥገናው ሰው በየጊዜው አራት ብሎን መፍታት ይሰለቸዋል። መጀመሪያ ሁለቱን ብሎን ይተዋል፣ ቀጥሎ መከለያውን ራሱን። ስለዚህ ደብዳቤው የግራሶ ቱቦው ወደ ውጭ እንዲወጣ ይጠይቃል። ቺንጋው ቶሎ ቶሎ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ መከለያው በማጠፊያ የሚከፈት ይሁንና ሲከፈት የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማብሪያ ይገጠምለት። ይህ ግን ለብቻው አይበቃም፤ ከባድ ወፍጮ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይዞራል። የመቆሚያው ጊዜ በሰዓት ተለክቶ፣ ረጅም ከሆነ ማሽኑ ጨርሶ እስኪቆም የማይከፈት መቀርቀሪያ ያስፈልጋል።

ከወር በኋላ ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ መከለያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ቢያገኘው፣ ሠራተኛውን ከመቅጣቱ በፊት ለምን እንደፈታው ይጠይቀው። መልሱ ብዙ ጊዜ የንድፉን ጉድለት ያሳያል፤ ሁለተኛው ደብዳቤም የሚጻፈው ከዚያ መልስ ተነስቶ ነው።