መብራት ሲመጣ ስክሪኑ ላይ `nan` ካያችሁ

እንቁላል በማሽን የሚያስፈለፍል ሰው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው ስክሪኑን ነው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈጃል፤ 18ኛው ቀን ላይ መገላበጡ ይቆማል፤ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ማሽኑ ስንተኛ ቀን ላይ እንደነበረና ስንት ዲግሪ እንደታዘዘ ካላስታወሰ እንቁላሉ አደጋ ላይ ነው። አንዳንዴ 37.5 መነበብ በነበረበት ቦታ `nan` ተጽፎ ይገኛል። ማሞቂያውም አይበራም።

ምክንያቱ ፍላሽ ሚሞሪ የሚጻፍበት መንገድ ነው። በእጅ ለሚሠሩ መፈልፈያዎች ከሚመረጡት ርካሽ ቦርዶች አንዱን፣ ኢኤስፒ8266ን እንውሰድ። ፍላሽ ላይ ባዶ ቦታ መጻፍ ቀላል ነው፤ የተጻፈበትን ለመቀየር ግን መጀመሪያ መደምሰስ ያስፈልጋል፤ ሲደመሰስም አንድ ፊደል ብቻ አይደመሰስም፤ 4096 ባይት የሚይዘው ሙሉ ሴክተር አብሮ ይጠፋል። በዚህ ቦርድ ላይ `EEPROM.commit()` የሚለው ትእዛዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሴክተሩን ይደመስሳል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ይጽፋል። መደምሰሱ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መብራት በዚያች ቅጽበት ከጠፋ አሮጌው የለም፣ አዲሱም ገና አልተጻፈም።

የተደመሰሰ ፍላሽ ቢቶቹ ሁሉ 1 ናቸው። እንዲህ ያሉ አራት ባይቶች እንደ አስርዮሽ ቁጥር ሲነበቡ ቁጥር ያልሆነ ነገር ይወጣል፤ `nan` ማለት እሱ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው መስመር ይህን ይመስላል፦

```
if (temp < target) heaterOn();
```

`target` ቁጥር ካልሆነ ንጽጽሩ ምንጊዜም ሐሰት ነው። ማሽኑ ጤነኛ መስሎ ይሠራል፣ እንቁላሉ ግን ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ድምሰሳ ኤሌክትሮኖችን በስስ መከላከያ ሽፋን ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ በላጲስ ሲፈገፈግ እንደሚሳሳ ወረቀት ሽፋኑ ይጎዳል። የእነዚህ ፍላሾች አምራቾች በተለምዶ ቃል የሚገቡት ለአንድ ሴክተር 100,000 ድምሰሳ ነው። ብዙ ይመስላል። ያለፈውን ጊዜ በየሰከንዱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ግን ይህን በ28 ሰዓት ይጨርሰዋል፤ በየደቂቃው የሚመዘግብም በ69 ቀን፣ ማለትም ሦስት ዙር ጫጩት እንዳስፈለፈለ። ያን ቀን ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋስትናው ግን እዚያ ያበቃል። ምልክቱ የጻፉትን ወዲያው መልሶ ሲያነቡት አለመመሳሰሉ፣ ወይም ለጥቂት ቀን ጠፍቶ ሲበራ መርሳቱ ነው። ትልልቆቹንም ይገጥማቸዋል፦ ቴስላ በ2021 መጀመሪያ ወደ 135,000 የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና የጠራው የስክሪኑ ኮምፒውተር ፍላሽ በጽሑፍ ብዛት ስላለቀ ነበር።

መፍትሔው ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይፈታል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ከመደምሰስ ይልቅ ወደፊት እየቀጠሉ መጻፍ ነው። አንድ መዝገብ 16 ባይት ይሁን፤ በውስጡ ተራ ቁጥር፣ ያለፈው ደቂቃ፣ የታዘዘው ሙቀትና ከእነዚህ የተሰላ ማረጋገጫ ቁጥር ይኑር። አንድ ሴክተር 256 መዝገብ ይይዛል። ሁለት ሴክተር እንመድብ። የመጀመሪያው ሲሞላ ሁለተኛው ይደመሰስና ጽሑፉ እዚያ ይቀጥላል፤ የሞላው የሚደመሰሰው ተራው እንደገና ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ በድምሰሳ መሃል መብራት ቢጠፋ የመጨረሻው ጤነኛ መዝገብ በሌላኛው ሴክተር ላይ ይገኛል። እያንዳንዱ ሴክተር በ512 ደቂቃ አንዴ ብቻ ስለሚደመሰስ 69 ቀኑ 97 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ቦርዱ ራሱ ያን ያህል አይኖርም።

መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሴክተር ያነባል፤ ማረጋገጫው ከትክክለኛው ከማይገጥም መዝገብ ያልፋል፤ ከቀሩት ትልቁን ተራ ቁጥር ይወስዳል። በጽሑፍ መሃል የተቋረጠ መዝገብ በዚህ ይያዛል፤ የሚጠፋው አንድ ደቂቃ ነው፣ ለእንቁላል ደግሞ አንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። በግማሽ በተጻፈው ቦታ ላይ ደግሞ መጻፍ ግን ስሕተት ነው፤ ዘሎ ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለቱም ሴክተር ጤነኛ መዝገብ ከሌላቸው ፕሮግራሙ በራሱ 37.5 ይዞ ይነሣና ማንቂያውን ያስጮህ፤ `nan` ወደ ማሞቂያው ትእዛዝ በፍጹም መድረስ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማሽኑ የት ላይ እንደቆመ እንጂ ለምን ያህል ጊዜ ጠፍቶ እንደቆየ አያውቅም። እንቁላሉ 20 ደቂቃ ቀዘቀዘ ወይስ አምስት ሰዓት? ይህን ለመለየት እንደ ዲኤስ3231 ያለ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ሰዓት ይጨመርና በየመዝገቡ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይጻፋል። መብራት ሲመጣ ልዩነቱ ይሰላል፤ ስክሪኑም አስፈልፋዩ እንቁላሎቹን በብርሃን መመርመር ይኖርበት እንደሆነ የሚያስወስነውን የሰዓት ብዛት ያሳያል።