ምላስ ተበዳሪው

ዓይን አፋር ተማሪ ሲተረብ ከርሞ አንድ ቀን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተራቢውን ዝም ያሰኛል። ይህን ታሪክ አጭር ልብ ወለድ ለማድረግ የሚነሣ ጀማሪ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ድካሙን ሁሉ መልሷ ላይ ያፈስሳል። ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ ያሳምራል። በእኔ አስተያየት ግን ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጥሩ መልስ ግማሹ የሚሠራው በተራቢው አፍ ነው። ዝምተኛው የሚያደርገው ተራቢው ራሱ ያቀበለውን መጨረስ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ እንሞክር። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ክፍሉ ዘጠነኛ ይሁን። ልጅቷ ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ከቤተሰቧ በሚላክላት ስንቅ የምትማር ናት። ጠዋት በስም ጥሪ ላይ «አቤት» ስትል ድምጿ ከፊት ዴስክ ስለማያልፍ መምህሩ ደግመው ይጠሯታል። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠው የክፍሉ ተረበኛ፣ «ምላስሽን ለማን አበደርሽው?» ይላታል። ክፍሉ ይስቃል። እሷ አንገቷን ትደፋለች። በማግስቱም ያው ነው፤ በሳልስቱም ያው።

ይህ መደጋገም ለታሪኩ ጌጥ ሳይሆን ዋልታው ነው። ዓይን አፋር ሰው መልስ የሚያጣው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሁሉም ሲያየው ልቡ ይመታል፣ ጆሮው ይግላል፣ ሐሳቡ ይበተናል፤ የሚናገረው የሚመጣለት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ይህ በተማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ጸሐፊ ዲደሮ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ በተሰነዘረበት አስተያየት አፉ ተይዞ እንደነበር፣ እንደሱ ያለ ሰው አእምሮው የሚመለስለትም ደረጃውን ወርዶ ሲጨርስ እንደሆነ ጽፏል። ዲደሮ ወደ ማዕዱ ተመልሶ መልሱን መስጠት አልቻለም። የእኛ ልጅ ግን ነገም ያው ጥያቄ ይጠብቃታል። ተረበኛው ሰነፍ ነው፤ አዲስ ቀልድ መፍጠር ሲያቅተው ያንኑ ያመላልሳል። እሷም ማታ ሽሮዋን እያማሰለች የምታስብበት ጊዜ ታገኛለች። አንባቢ «ይቺ ዝምተኛ ከየት አመጣችው?» ብሎ እንዳይጠራጠር የሚያደርገው ይህ ነው።

ታሪኩ አንድ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ከመልሱ ቀደም ብሎ፣ ለጊዜው ፋይዳ የሌለው በሚመስል አጋጣሚ፣ የተረበኛው ጠባይ መታየት አለበት። ለምሳሌ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲለጋ የክፍሉን መስኮት ይሰብራል። ለሆም ሩም መምህሩ «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ ይምላል። ደጅ ሲወጣ ደግሞ መስታወቱ እንዴት እንደ ረገፈ ለጓደኞቹ በኩራት ያወራል። ክፍሉ ሁለቱንም ሰምቷል። ጸሐፊው ግን እዚህ ላይ ምንም አስተያየት አይሰጥም፤ «ውሸታም ነበር» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ተበላሸ። በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳይቶ ያልፋል።

ከዚያ በአንድ ጠዋት መምህሩ ስሟን ይጠራሉ፣ እሷ «አቤት» ትላለች፣ መምህሩ ይደግማሉ።

«ምላስሽን ለማን አበደርሽው?»

«ላንተ። ባለ ሁለት ምላስ የሆንከው በማን ሆነና?»

ሰሙ ቀላል ነው፦ የእኔን ጨምረህ ሁለት ምላስ አለህ። ወርቁ ከመስኮቱ ጋር ይያያዛል፤ ለመምህሩ አንድ፣ ለጓደኞቹ ሌላ የሚያወራው ባለ ሁለት ምላስ ማን እንደሆነ ክፍሉ ያውቃል። ብድር የሚለውን ነገር ያመጣው ራሱ ተረበኛው ነው። እሷ አንድም አዲስ ነገር አላመጣችም፤ ጥያቄውን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ቆጥራ በትሕትና መለሰች። ቢቆጣ «ጠይቀህ መለስኩልህ» ልትለው ትችላለች። ክሱ ያለው በወርቁ ውስጥ ነው፤ ሰሙ ንጹሕ ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ናቸው የሚባሉት ቀልዶችም ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። አህዮች የምትነዳን ሴት «እንደምን አደራችሁ» ብለው ሰላም አሏት የሚባለው፣ ላይ ላዩን ሲሰሙት የአክብሮት ሰላምታ ነው። አህዮቹ መቆጠራቸውን የሚረዳ ግን ይረዳል።

አሁን መልሷን እናበላሻት፤ ጥቅሟ የሚታየው ያኔ ነው። «አንተ ውሸታም ነህ» ብትል እውነት ነው፤ ግን ስድብ ብቻ ስለሆነ «አንቺ ነሽ ውሸታም» ብሎ ይመልስላታል፣ ጨዋታውም ወደ ጉልበት ይዞራል። «እኔ ዝም የምለው ጨዋ ሆኜ ነው እንጂ መናገር አቅቶኝ አይደለም፣ አንተ ግን…» እያለች ብትቀጥል ደግሞ ጸሐፊው በእሷ አፍ እየሰበከ ነው። እንዲህ ያለ ንግግር ድምጿ ከፊት ዴስክ ከማያልፍ ልጅ አይወጣም። ስለ መልኩ፣ ስለ ድህነቱ ወይም ስለ እናቱ ብታነሣም ክፍሉ ሊስቅ ይችላል፤ አንባቢው ግን ከእሷ ይርቃል። ተረብ የሚያምረው ሰው በመረጠው ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። ተረበኛው ድህነቱን አልመረጠም፤ ሁለት ወሬ ማውራቱን መርጧል።

የቃላቱ አቀማመጥም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጥያቄው ውስጥ «አበደርሽው» ስላለ እሷ ግሱን መድገም አያስፈልጋትም። «ላንተ» ብቻ ብላ ትቆማለች። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ «ለእሱ? እንዴት?» ይላል፤ ቀሪው ያን ጊዜ ይመጣል። «ላንተ አበድሬህ ባለ ሁለት ምላስ ሆንክ» ብትል ትርጉሙ ያው ሆኖ ሳቁ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ለመገረም ጊዜ አልተሰጠም።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት ድምጿ ላይ ነው። ልጅቷ ድንገት ብድግ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ ትናገራለች። እንዲህ ከሆነ እስካሁን የተከተልናት ልጅ ሄዳ ሌላ ሰው ተተክቷል። እኔ ብሆን እንደተለመደው ዝቅ ባለ ድምፅ አናግራታለሁ። አጠገቧ ያለችው ብቻ ትሰማና በሳቅ ትፈነዳለች። «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል ሁለተኛው ዴስክ። ነገሩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ይተላለፋል፣ ሳቁም እየተከተለው ወደ ኋላ ይሄዳል። ተረበኛው መልሱን የሚሰማው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ከጓደኛው አፍ። እሷ መጮህ አላስፈለጋትም፤ ሲስቅባት የነበረው ክፍል ተሸከመላት። መምህሩም ፈርደው «ጎበዝ» ሊሏት አይገባም፤ ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ ሰሌዳው ቢዞሩ ይበቃል። ትከሻቸው መንቀጥቀጡን ለማየት የሚፈልግ ያያል።

ይህ ዓይነት ታሪክ ድንበር አለው። ልጁ የሚመታት፣ ገንዘቧን የሚቀማት ወይም መንገድ ላይ የሚጠብቃት ከሆነ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዝም አሰኘችው ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። እሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ቤተሰብና ትምህርት ቤት የሚገቡበት። ተረብ የሚመለሰው በተረብ ነው፤ ድብደባ ግን በቀልድ አይመለስም።

ጽፎ የጨረሰ ሰው ሥራውን የሚፈትንበት ቀላል ዘዴ አለ። የመልሷን መስመር በወረቀት ሸፍኖ ላላነበበው ሰው ይስጥ፤ «አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?» ብሎም ይጠይቅ። አንባቢው መልሱን ቶሎ ከገመተ የመስኮቱ ነገር በዝቷል፣ ይቀነስ። ወረቀቱ ተነሥቶ ካነበበ በኋላም «ለምን ባለ ሁለት ምላስ አለችው?» ካለ መስኮቱ በደንብ አልታየም። «ላንተ» የሚለው ላይ ፊቱ ግራ ተጋብቶ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቦ ከሳቀ ግን አይነካካው።