ዋጋን ይፋ ማድረግ መቼ ይጠቅማል? ፍጹም ውድድር፣ ሞኖፖሊና ኦሊጎፖሊ ሲነጻጸሩ

በቢዝነስ ትምህርት የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ክፍል ገበያዎች በሻጮቻቸው ብዛት ተከፍለው ይቀርባሉ። ብዙ ሻጮች ተመሳሳይ ዕቃ የሚያቀርቡበት ፍጹም ውድድር፣ አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ሞኖፖሊ፣ ጥቂት ሻጮች ያሉበት ደግሞ ኦሊጎፖሊ ይባላል። ክፍፍሉን ለፈተና መሸምደድ አስቸጋሪ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ በአንዱ የገበያ ዓይነት ሸማቹን የሚጠቅም እርምጃ በሌላው ሊጎዳው ይችላል። ዋጋን ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ተግባር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የሦስቱን ገበያዎች ፍላጎትና ወጪ እኩል አድርጎ ማነጻጸር ይጠቅማል። ለማስረጃ ያህል በአንዲት ከተማ የሚሸጥ ብሎኬትን እንውሰድ። አንድ ብሎኬት ለማምረት ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጉልበቱ እንዲሁም ባለቤቱ ለገንዘቡና ለድካሙ በሌላ ሥራ ሊያገኝ የሚችለው መደበኛ ትርፍ ተደምሮ 28 ብር ይፈጃል እንበል። ዋጋው 124 ብር ቢደርስ ማንም አይገዛም። ከዚያ በታች ዋጋው በአንድ ብር በቀነሰ ቁጥር በሳምንት የሚሸጠው መጠን በአንድ ሺህ ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ እንጂ ከገበያ የተወሰዱ አይደሉም።

በከተማዋ በርካታ አነስተኛ አምራቾች ካሉና ማንም ማሽን ተከራይቶ ወደ ሥራው መግባት ከቻለ፣ ዋጋው ከ28 ብር በላይ ሲሆን አዳዲስ አምራቾች ይገባሉ፤ ምርቱ ይጨምራል፤ ዋጋውም ወደ 28 ብር ይወርዳል። በዚህ ዋጋ በሳምንት 96 ሺህ ብሎኬት ይሸጣል። 29 ብር የሚጠይቅ አምራች ገዢው አጠገቡ ወዳለው ስለሚሄድበት ዋጋ የመወሰን አቅም የለውም። የጤፍ ገበያ ከዚህ ዓይነቱ ገበያ ጋር ይቀራረባል፤ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ስለሚያመርቱት አንዱ ገበሬ እህሉን ወደ ገበያ ባያወጣ የዕለቱ ዋጋ አይነቃነቅም።

ሥራው በአንድ አምራች እጅ ቢገባስ? ይህ አምራች በሳምንት 48 ሺህ ብሎኬት በ76 ብር ቢሸጥ 3 ሚሊዮን 648 ሺህ ብር ያስገባል። ሽያጩን ወደ 49 ሺህ ከፍ ለማድረግ ዋጋውን ወደ 75 ብር ማውረድ አለበት፤ ገቢው 3 ሚሊዮን 675 ሺህ ብር ይሆናል። ተጨማሪው አንድ ሺህ ብሎኬት 27 ሺህ ብር ሲያስገኝ ለማምረት ግን 28 ሺህ ብር ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋው የሚቀንሰው ለአዲሱ ገዢ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በ76 ብር ይገዙ ለነበሩት ሁሉ ነው። ስለዚህ ብቸኛው ሻጭ 48 ሺህ ላይ ያቆማል። ትርፉ በሳምንት 2 ሚሊዮን 304 ሺህ ብር ይሆናል፤ በውድድር ጊዜ ይሸጥ ከነበረው መጠን ግማሹ ደግሞ ሳይመረት ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ ሞኖፖሊ የሚወቀሰው ሻጩ ስለሚበለጽግ ነው። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ይበልጥ የሚያሳስባቸው ግን ያልተመረተው 48 ሺህ ብሎኬት ነው። ከ28 ብር በላይ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑ ገዢዎች እያሉ ቤታቸው ሳይሠራ ይቀራል፤ ይህ ጥቅም ከሸማቹ ወጥቶ ወደ ሻጩ ኪስ እንኳ አይገባም።

እርግጥ ብቸኛ ሻጭ ሁሉ የመጨረሻውን ከፍተኛ ትርፍ ያሳድዳል ማለት አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም የአገሪቱ ብቸኛ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ በነበረበት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ጥሪ ታሪፉን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱን ደግሞ በ43 በመቶ ቀንሷል። በወቅቱ ዋጋ እንዲቀንስ የሚያስገድድ ተወዳዳሪ በገበያው ውስጥ አልነበረም። የመንግሥት በሆነ ሞኖፖሊ ዋጋ የባለቤቱ የፖሊሲ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ የመማሪያ መጽሐፉ ስሌት የሚመለከተው ትርፉን እስከ ጥግ የሚያሰላውን ሻጭ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ በኋላ ይኸው ገበያ የሁለት ሻጮች ገበያ ማለትም ኦሊጎፖሊ ሆኗል።

የሁለት ሻጮችን ገበያ በስሌት የመረመረው ፈረንሳዊው ኦጉስተን ኩርኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ባሳተመው ሥራው እያንዳንዱ ሻጭ የሌላውን የምርት መጠን እያየ የራሱን እንደሚወስን አድርጎ አሰላ። በእኛ ከተማም ሁለት አምራቾች በዚህ መንገድ ቢፎካከሩ እያንዳንዳቸው 32 ሺህ ብሎኬት ላይ ይረጋሉ። ዋጋው 60 ብር፣ የእያንዳንዳቸው ሳምንታዊ ትርፍም 1 ሚሊዮን 24 ሺህ ብር ይሆናል። ለሸማቹ ከሞኖፖሊ የተሻለ፣ ከፍጹም ውድድር ግን እጅግ የራቀ ውጤት ነው።

ሁለቱ በምስጢር ተስማምተው እያንዳንዳቸው 24 ሺህ ብቻ ቢያመርቱ ዋጋው ወደ ሞኖፖሊው 76 ብር ይመለሳል፤ ትርፋቸውም ወደ 1 ሚሊዮን 152 ሺህ ብር ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ስምምነት ካርቴል ይባላል። ይሁንና ስምምነቱ በውስጡ የራሱን ማፍረሻ ይዟል። አንደኛው ቃሉን ጠብቆ 24 ሺህ ሲያመርት ሌላው ደብቆ 36 ሺህ ቢያመርት ዋጋው 64 ብር ይሆናል፤ የከዳው 1 ሚሊዮን 296 ሺህ ብር፣ የታመነው ደግሞ 864 ሺህ ብር ያተርፋል። ክህደት በአንድ ሳምንት 144 ሺህ ብር ትጨምራለች። የተከዳው ሲያውቅና ሁለቱም ወደ 32 ሺህ ምርት ሲመለሱ ግን ከዳተኛው ከስምምነቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር በየሳምንቱ 128 ሺህ ብር ያጣል።

የካርቴል ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ክህደቱ በሳምንቱ ከታወቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪሳራው ከጥቅሙ ይበልጣልና ማንም አይደፍርም። ሳይታወቅ ወራት የሚቆይ ከሆነ ግን ሁለቱም ይፈተናሉ፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ በኦሊጎፖሊ ገበያ የሸማቹ ጠበቃ በድብቅ የሚሰጥ የዋጋ ቅናሽ ነው።

የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን ይህንን በተግባር አይቶታል። እርጥብ ኮንክሪት ከተደባለቀ በኋላ ቶሎ ስለሚጠነክር ከፋብሪካው ርቆ መጓዝ አይችልም፤ በዚህም የተነሳ በየአካባቢው የሚሸጡት ጥቂት ድርጅቶች ናቸው። ድርጅቶቹ የታወቀ የዋጋ ዝርዝር ቢኖራቸውም ለየደንበኛው የተለያየ ቅናሽ በምስጢር ይሰጡ ነበር። ባለሥልጣኑ ገዢዎች መረጃ ቢያገኙ ይከራከራሉ፣ ውድድሩም ይጠናከራል በሚል እምነት እ.ኤ.አ. በ1993 በሦስት የአገሪቱ አካባቢዎች እያንዳንዱ ድርጅት በትክክል የሸጠበትን ዋጋ እየሰበሰበ እንዲያወጣ ወሰነ።

ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። ዋጋዎቹ መታተም ከጀመሩ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አማካይ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ፤ በድርጅቶች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። ጉዳዩን ያጠኑት አልቤክ፣ ሞልጎርድና ኦቨርጎርድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የወጪ መናርና የግንባታ ሥራ መነቃቃት ጭማሪውን በበቂ ሁኔታ እንደማያስረዱ ገልጸው፣ ሊሆን የሚችለው ምክንያት የዋጋዎቹ መታተም መሆኑን አመልክተዋል። ድርጅቶቹ የግድ በአንድ ክፍል ተቀምጠው መስማማት አላስፈለጋቸውም። መንግሥት እያንዳንዱ የሰጠውን ቅናሽ ለባላንጣው በየጊዜው አሳወቀለት፤ ቅናሽ የሚሰጥም ወዲያው አጸፋ የሚጠብቀው ሆነ።

ከዚህ ተነስቶ ዋጋ ይደበቅ ማለት ስህተት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በየከተማው በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሲያሳይ ተጠቃሚ የሚሆነው በርካታው ገበሬ ነው። ገበሬው መረጃውን ሌላውን ገበሬ ለመቅጣት አይጠቀምበትም፤ ቁጥሩ ብዙ ነውና ቢፈልግም አይችልም። የዋጋ ሰሌዳው ለብዙዎቹ መደራደሪያ፣ ለጥቂቶቹ ደግሞ መጠባበቂያ ነው።

በአንድ ገበያ ሁሉም ሻጮች ተመሳሳይ ዋጋ መጠየቃቸው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በፍጹም ውድድርም በካርቴልም ዋጋ እኩል ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ዋጋውን ከምርት ወጪው ጋር ማስተያየት፣ አዲስ ሻጭ ሲገባ ዋጋው መውረዱን መከታተል፣ የየድርጅቱ የገበያ ድርሻ ለዓመታት ሳይነቃነቅ መቆየቱን ማጣራት ያስፈልጋል። በጨረታ ደግሞ አሸናፊነት በተራ ሲዘዋወር፣ የተሸናፊዎች ሰነድ አንድ ዓይነት የስሌት ግድፈት ሲኖረው፣ ወይም አሸናፊው ሥራውን ከፊሉን ለተሸናፊው ሲያስተላልፍ መጠርጠር ተገቢ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በተፎካካሪዎች መካከል ዋጋ መወሰንንም ሆነ በጨረታ መመሳጠርን ይከለክላል።

የጨረታ ዋጋ በተጫራቾች ፊት መነበቡ ሙስናን ለመከላከል አስፈላጊ በመሆኑ የሚቀር አይደለም፤ ነገር ግን ካርቴል አባላቱን የሚቆጣጠርበትን መስታወትም ያቀርብለታል። አንዱ መፍትሔ በየወሩ የሚገዛውን በዓመት አንዴ በትልቅ ውል መግዛት ነው። በምሳሌያችን ከዳተኛውን የሚያስፈራው የሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ የዓመቱ ግዥ በአንድ ቀን ከተወሰነ ቀጣዩ አጸፋ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ስለሚመጣ ዋጋ ሰብሮ ማሸነፍ ያጓጓል። ሆኖም እንዲህ ያለ ውል ከፍተኛ ዋስትናና አቅም ስለሚጠይቅ በማኅበር የተደራጁትን አነስተኛ ብሎኬት አምራቾች ከጨረታው ሊያስወጣ ይችላል። እነዚህ አምራቾች ደግሞ ዋጋውን ወደ 28 ብር ሊያወርዱ የሚችሉት ናቸውና፣ የግዥ ክፍሉ የውሉን መጠን ከመወሰኑ በፊት በአካባቢው ስንት አምራች መጫረት እንደሚችል ቆጥሮ ማወቅ ይኖርበታል።